የአዋቂ ዜናን ለልጆችና ለቋንቋ ተማሪዎች ማቅለል፦ እውነቱ ሳይጎድል በስምንት ደረጃ

የአማርኛ መምህራን፣ በውጭ አገር ቅዳሜና እሑድ ልጆችን ሰብስበው ቋንቋውን የሚያስተምሩ ወላጆች፣ የትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ አዘጋጆች ደጋግመው የሚገጥማቸው ሥራ አለ። አንድ ትልቅ ዜና ወጥቷል፤ ልጆቹ ሰምተውታል፤ ማንበብም ይፈልጋሉ። የጋዜጣው ጽሑፍ ግን ለእነሱ አይመችም። ዓረፍተ ነገሩ ረጅም ነው፣ ቃላቱ የቢሮ ናቸው፣ ግሡ ላይ እስኪደርሱ ባለቤቱን ይረሱታል። ስለዚህ አዘጋጁ ብዕሩን አንሥቶ ያሳጥራል።

ችግሩም እዚያው ይጀምራል። ስናሳጥር መጀመሪያ የምንጥላቸው «እስካሁን»፣ «ገደማ»፣ «እንደተናገሩት»፣ «ሊሆን ይችላል» የሚሉትን ትንንሽ ቃላት ነው። ትርፍ ይመስላሉ። ዜናው ምን ያህል እርግጠኛ እንደሆነና ከማን እንደተገኘ የሚነግሩን ግን እነሱው ናቸው። እነሱ ሲወጡ ጽሑፉ ይቀላል፣ እውነቱም አብሮ ይሄዳል። ይህ መመሪያ አንድ ዜና ይዞ ከመነሻው እስከ መጨረሻው እንዴት እንደሚቀል ያሳያል።

ለሥራው የሚያስፈልግዎ የዜናው የታተመ ቅጂ፣ ሁለት ቀለም እስክሪብቶ፣ ስለዚያው ጉዳይ የተጻፈ ሌላ ዘገባና በመጨረሻ ጽሑፉን የሚያነብልዎ አንድ ልጅ ወይም አንድ ተማሪ ነው።

የምንሠራበት አንቀጽ ይኸውና። ከአንድ ጋዜጣ የተቀዳ አይደለም፤ በኅዳር 2018 ዓ.ም. ስለ ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ የተዘገበውን ፍሬ ነገር ይዤ በተለመደው የዜና አጻጻፍ ያቀናበርኩት ነው።

«በአፋር ክልል የሚገኘውና ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ መፈንዳቱን የሚያሳይ የታወቀ መረጃ ያልነበረው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ከረፋዱ 5፡30 ገደማ ፈንድቶ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ከፍታ የደረሰ የአመድ ደመና መልቀቁ የተገለጸ ሲሆን፣ በነፋስ እየተገፋ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ በየመንና በኦማን በኩል ወደ ሕንድ የተጓዘው አመድ አንዳንድ በረራዎች እንዲሰረዙ ምክንያት ሆኗል። እስካሁን የጠፋ የሰው ሕይወት አለመኖሩን የገለጹት አንድ የአካባቢው አስተዳዳሪ በበኩላቸው፣ በርካታ መንደሮች በአመድ በመሸፈናቸው የእንስሳት መኖ መመናመኑንና ክስተቱ በአርብቶ አደሩ ኑሮ ላይ ኢኮኖሚያዊ ጫና ሊያሳድር እንደሚችል ጠቁመዋል።»

ይህን አንቀጽ ቸኩሎ የሚያቀል ሰው ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጽፋል፦ «ለ12 ሺህ ዓመታት ያልፈነዳ እሳተ ገሞራ በአፋር ፈነዳ። አመዱ ሕንድ ድረስ ሄዶ በረራ አስቆመ። ማንም አልተጎዳም።» ለማንበብ ቀላል ነው። በሦስቱም ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ ግን ስሕተት አለ። ስሕተቱ ምን እንደሆነ በየደረጃው እናያለን።

1. ለማን እንደሚጽፉ አስቀድመው ይወስኑ

«ለጀማሪ አንባቢ» ብሎ መነሣት አይበቃም። አዲስ አበባ ያለች የአራተኛ ክፍል ተማሪና አማርኛ በመማር ላይ ያለ የሠላሳ ዓመት ነርስ ሁለቱም ቀላል ጽሑፍ ይፈልጋሉ፤ የጎደላቸው ነገር ግን ይለያያል። ልጅቷ ቋንቋውን ታውቀዋለች። የማታውቀው ዓለሙን ነው፦ እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ፣ ሕንድ ምን ያህል እንደምትርቅ፣ አመድና አውሮፕላን ምን እንደሚያገናኛቸው። ነርሱ ይህን ሁሉ ያውቃል። የሚያስቸግረው «በበኩላቸው»፣ «መመናመኑን»፣ «ጫና ሊያሳድር» የሚለው አነጋገር ነው።

ለልጅ ሲጽፉ ስለ ዓለሙ ማብራሪያ ይጨምራሉ፤ ለአዋቂ ተማሪ ሲጽፉ ዓረፍተ ነገሩንና ቃላቱን ያቀላሉ እንጂ እሳተ ገሞራ ምን እንደሆነ አያስተምሩትም። በውጭ አገር ተወልዶ ያደገ ልጅ በሁለቱ መካከል ነው፤ ሁለቱንም ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የተለመደው ስሕተት ለሁሉም አንድ ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ውጤቱ ለአዋቂው የሚያሳፍር፣ ለልጁ ደግሞ አሁንም የሚከብድ ይሆናል። ከወረቀቱ ራስ ላይ «ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ልጆች» ወይም «አማርኛ ማንበብ ለጀመሩ አዋቂዎች» ብለው ይጻፉ። ከዚህ በኋላ ቃል በመረጡ ቁጥር ያን መስመር ይመልከቱ።

2. አንቀጹን ወደ ፍሬ ነገሮች ይበትኑት

ገና ምንም አያሳጥሩ። መጀመሪያ በአንቀጹ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ነገር ለየብቻው ያውጡ። ከእያንዳንዱ አጠገብ ሁለት ጥያቄዎችን ይመልሱ፦ ይህን ማን ነገረን? ገደቡስ ምንድን ነው? የሃይሊ ጉቢ ዜና ሲበተን እንዲህ ይሆናል፦

- እሳተ ገሞራው ኅዳር 14 ቀን ፈነዳ። ይህ የታየ ነገር ነው፤ የሚያከራክር አይደለም። ሰዓቱ ግን «ገደማ» ተብሏል።
- አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ወጣ። ማን እንደለካው አንቀጹ አይናገርም፤ «ተገለጸ» ብቻ ይላል።
- አመዱ ወደ የመን፣ ወደ ኦማንና ወደ ሕንድ ሄደ፤ በረራዎችም ተሰረዙ። ገደቡ «አንዳንድ» የሚለው ቃል ነው።
- የጠፋ የሰው ሕይወት የለም። የተናገሩት የአካባቢው አስተዳዳሪ ናቸው፤ ገደቡ «እስካሁን» ነው።
- መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ፣ መኖ ተመናመነ። ይህንንም የተናገሩት አስተዳዳሪው ናቸው።
- የአርብቶ አደሩ ኑሮ ሊጎዳ ይችላል። ይህ ገና ያልሆነ ነገር ነው፤ የአስተዳዳሪው ሥጋት ነው።
- ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ መፈንዳቱን የሚያሳይ የታወቀ መረጃ አልነበረም። ገደቡ «የታወቀ መረጃ» የሚለው ነው።

አሁን በሁለተኛው ቀለም የገደብ ቃላቱን ሁሉ ያስምሩባቸው። በኋላ ዓረፍተ ነገር ሲቆርጡ የተሰመረበት ቃል ወይም ያንኑ ሐሳብ የሚሸከም ቀላል ቃል አብሮ ማለፉን ያረጋግጣሉ።

ዜናው «ተገለጸ»፣ «ተጠቆመ»፣ «ታወቀ» ብሎ ተናጋሪውን ከደበቀ በግምት አይሙሉት። ሌላ ዘገባ ፈልገው ያጣሩ። በዚህ ዜና ስለ አመዱ ከፍታ የተናገረው በፈረንሳይ ቱሉዝ ከተማ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ መከታተያ ማዕከል ነው። አንድ ልጅ «ማን ለካው?» ብሎ ቢጠይቅዎ አሁን መልስ አለዎት። ከየትም ካላገኙት ደግሞ ያን ቁጥር ቢተዉት ይሻላል።

3. የሚቀረውንና የሚወጣውን ይምረጡ

ቀላል ጽሑፍ ሁሉንም ነገር መያዝ አይችልም። ለምርጫው መለኪያ የሚሆነው አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህን ባወጣው አንባቢው ሐሰት የሆነ ነገር ያምናል? መልሱ «አያምንም፤ ትንሽ ያንሰው ይሆናል እንጂ» ከሆነ ማውጣት ይቻላል። «አዎ» ከሆነ መቅረት አለበት።

ሰዓቱን እንውሰድ። ከረፋዱ 5፡30 የሚለው ቢወጣ ማንም አይሳሳትም። ቀይ ባሕርን መሻገሩም እንዲሁ። የከብቶቹ መኖ ግን ቢወጣ አንባቢው «ሰው ካልሞተ ማንም አልተጎዳም» ብሎ ይደመድማል። ቸኩሎ የጻፈው ሰው የተሳሳተው እዚህ ነው። አስተዳዳሪው የተናገሩት የሞተ ሰው አለመኖሩን ነው። «ማንም አልተጎዳም» ሲባል ግን ከብቱ የሚግጠው ያጣው አርብቶ አደር ከዜናው ወጣ። «እስካሁን» የሚለውም ጠፋ፤ በፍንዳታው ማግሥት የተነገረ ነገር ለዘላለም የተረጋገጠ መሰለ።

ሌላው መጠንቀቂያ ቦታ ዜናው ሁለት ወገን ሲኖረው ነው። አንዱ የሚከስ ሌላው የሚክድ ከሆነ ለማሳጠር ብለው አንዱን ብቻ አያስቀሩ። ለሁለቱም አንዳንድ ዓረፍተ ነገር ይስጡ፤ ካልቻሉ ክርክሩን በሙሉ ያውጡትና ሁለቱም የሚስማሙበትን ብቻ ይጻፉ።

4. ቅደም ተከተሉን ያስተካክሉ

የጋዜጣ ዜና አዲሱንና ትልቁን ነገር ያስቀድማል፤ ከዚያ ወደ ኋላ ይመለሳል። ልጅና ጀማሪ አንባቢ ግን ነገሩን በሆነበት ተራ ቢያገኙት ይቀላቸዋል፦ ተራራው ፈነዳ፣ አመዱ ወጣ፣ ነፋስ ወሰደው፣ በረራ ተሰረዘ። የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ምን፣ የትና መቼ የሚለውን ይመልስ፤ የቀረው በተራው ይከተል።

ተራ ሲቀይሩ የሚመጣ አደጋ አለ። ሁለት ነገሮች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ሌላውን ያመጣው ይመስላል። «መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ። በረራዎች ተሰረዙ።» ብለው ቢያስከትሉ ልጁ በረራው የተሰረዘው በአፋር መንደሮች ምክንያት ይመስለዋል። ስለዚህ የበረራውን ነገር ከነፋሱና ከሕንድ ጋር፣ የመንደሮቹን ነገር ለብቻው በሌላ አንቀጽ ያኑሩ።

ርእሱን መጨረሻ ላይ ይጻፉ። ርእስ ከጽሑፉ በላይ እርግጠኛ መሆን የለበትም። «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ የነቃው ተራራ» ይስባል፤ ጽሑፉ ግን ያን አይልም። «በአፋር እሳተ ገሞራ ፈነዳ» ይበቃል።

5. ዓረፍተ ነገሩን ይፍቱ

የአማርኛ ዜና የሚከብደው ግሡ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣና ከፊቱ «የሚገኘውና»፣ «ያልነበረው»፣ «የተጓዘው» የሚሉ ገላጮች ስለሚደረደሩ ነው። አንባቢው ዋናውን ግሥ እስኪያገኝ ሁሉንም በአእምሮው ተሸክሞ ይቆያል። መፍትሔው ገላጩን ሁሉ ራሱን የቻለ ዓረፍተ ነገር ማድረግ ነው። «በአፋር ክልል የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ» የሚለው «በአፋር ክልል አንድ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ስሙ ሃይሊ ጉቢ ነው።» ይሆናል።

ከዚያ በስም መልክ የታሰሩትን ግሦች ይፍቱ። «የእንስሳት መኖ መመናመኑን ጠቁመዋል» ውስጥ ዋናው ነገር ሣር ማነሱ ነው። «እንስሳት የሚበሉት ሣር አንሷል» ይበሉ። ለልጅ አብዛኞቹ ዓረፍተ ነገሮች ከዐሥር ቃል ባይበልጡ፣ በአንዱ ውስጥም ከአንድ ዋና ነገር በላይ ባይኖር ጥሩ ነው።

ዓረፍተ ነገር ሲፈታ በመካከሉ የነበረው ማያያዣ ይጠፋል፤ ምክንያቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ከቆረጡ በኋላ «ስለዚህ»፣ «ነገር ግን»፣ «ከዚያ በኋላ» በሚሉ ግልጽ ቃላት መልሰው ያያይዙ። ዋናው ዜና ምክንያት ያላደረገውን ግን እርስዎ ምክንያት አያድርጉት። «ከዚያ በኋላ» እና «በዚያ ምክንያት» የተለያዩ ናቸው።

የሰው ንግግር ላይ ሲደርሱ ይበልጥ ይጠንቀቁ። ዜናው የአስተዳዳሪውን ሐሳብ በተዘዋዋሪ ነው ያቀረበው። ጽሑፉን ሕያው ለማድረግ ብለው በትምህርተ ጥቅስ «ሕዝባችን ተርፏል!» ብለው ቢጽፉ ሰውየው ያላሉትን በአፋቸው አኖሩ። ተዘዋዋሪውን በተዘዋዋሪ ይተዉት፦ «እሳቸው እንደተናገሩት እስካሁን የሞተ ሰው የለም።» ለቋንቋ ተማሪ ደግሞ «ተናገሩ» የሚለው «አለ» ከሚለው ይሻላል፤ «አለ» በጽሑፍ ሲታይ መናገርም መኖርም ስለሚሆን ጀማሪውን ያደናግረዋል።

6. ቃሉን ይቀይሩ ወይም ያብራሩ

ከባድ ቃል ሲገጥምዎ ምርጫው ሁለት ነው። የቢሮ ቃል ከሆነ ይቀይሩት፦ «ክስተቱ ኢኮኖሚያዊ ጫና ሊያሳድር ይችላል» የሚለው «ኑሯቸው ሊከብድ ይችላል» ቢባል የሚጎድል የለም። «ሊ...ይችላል» የሚለው ግን አብሮ መሄዱን ልብ ይበሉ። «ኑሯቸው ከበደ» ቢሉ የሰውየውን ሥጋት የሆነ ነገር አደረጉት።

የነገሩ ትክክለኛ ስም ከሆነ ግን አይቀይሩት፤ ይጠቀሙበትና ወዲያው ያብራሩት። «እሳተ ገሞራ» የሚለውን «የእሳት ተራራ» ብሎ ከመተካት ቃሉን አስቀርቶ በሚቀጥለው ዓረፍተ ነገር «እሳተ ገሞራ የቀለጠ ድንጋይ፣ ጋዝና አመድ ከመሬት ውስጥ የሚወጣበት ቦታ ነው» ማለት ይሻላል። ልጁ ነገ ሌላ ዜና ላይ ሲያገኘው ያውቀዋል። በአንድ ገጽ ላይ እንዲህ የሚብራሩ ቃላት ከሦስት አይብለጡ። አንድ ጊዜ «እሳተ ገሞራ» ያሉትን በሚቀጥለው አንቀጽ «ተራራው»፣ ቀጥሎ «ገሞራው» አይበሉት። አዋቂ ድግግሞሽ ይሰለቸዋል፤ ጀማሪ ግን አዲስ ስም ሲያይ አዲስ ነገር የመጣ ይመስለዋል።

ከሁሉ የሚያሳስተው ቀላል የሚመስለው ቃል ነው። «አመድ» የሚለውን ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ የሚያውቀው ግን የምድጃውን ነው፣ እንጨት ሲነድ የሚቀረውን፣ ለስላሳውን። የእሳተ ገሞራ አመድ የተቃጠለ ነገር ቅሪት አይደለም። በፍንዳታው ኃይል የተሰባበረ እጅግ ደቃቅ ድንጋይና እንደ ብርጭቆ ያለ ነገር ነው። በአውሮፕላን ሞተር ውስጥ ሲገባ በሙቀቱ ቀልጦ ከሞተሩ ክፍሎች ላይ ሊጋገር፣ ሞተሩንም ሊያቆም ይችላል። ልጁ የምድጃውን አመድ እያሰበ ካነበበ ለምን በረራ እንደተሰረዘ ፈጽሞ አይገባውም። ስለዚህ «ይህ የምድጃ አመድ አይደለም» የሚል አንድ መስመር የግድ ነው። ቃሉ ቢታወቅም ነገሩ የማይታወቅበትን ቦታ እንዲህ ፈልገው ያግኙ።

7. ቁጥሩን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ያጣሩ

ለልጅ ቁጥር ሲበዛ ሁሉም ይጠፋል። ሁለት ወይም ሦስት ይምረጡና ከሚያውቀው ነገር ጋር ያነጻጽሩለት። 14 ኪሎ ሜትር ከራስ ዳሽን ከፍታ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ንጽጽሩ የሚሠራው ሁለቱም ከፍታዎች ከባሕር ወለል ስለሚለኩ ነው። ርዝመትን ከከፍታ፣ ስፋትን ከርዝመት ጋር የሚያነጻጽር ምሳሌ ግን ያሳስታል። ቁጥር ሲያጠጋጉ ምንጊዜም «ያህል» ወይም «ገደማ» ይጨምሩ።

ዜናውን ከውጭ ዘገባ ካመጡት ቀኑና ሰዓቱ ሁለቱም መቀየር አለባቸው። ኖቬምበር 23 ቀን 2025 በእኛ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ነው። በዓለም አቀፉ ሰዓት 8፡30 የተባለው በኢትዮጵያ ሰዓት አቆጣጠር ከረፋዱ 5፡30 ይሆናል። ይህን ሳይቀይሩ «8፡30» ብለው ቢተዉት የአዲስ አበባው ልጅ ከቀትር በኋላ የሆነ ይመስለዋል። «5፡30» ብቻ ቢሉት ደግሞ የዋሽንግተኑ ልጅ ማለዳ ያደርገዋል። «ባለፈው እሑድ» የሚለውንም በቀን ይተኩት፤ ጽሑፍዎ ከወር በኋላም ይነበባልና።

12 ሺህ የሚለው ቁጥር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በዓለም ዙሪያ ብዙዎች «ከ12 ሺህ ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈነዳ» ብለው ጽፈዋል። ሳይንቲስቶች የእሳተ ገሞራ ፍንዳታዎችን ሲመዘግቡ መዝገቡ በግምት ካለፉት 12 ሺህ ዓመታት ወዲህ ያለውን ዘመን ይሸፍናል። በዚያ መዝገብ ውስጥ ስለ ሃይሊ ጉቢ ፍንዳታ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ይህ ማለት ተራራው የዛሬ 12 ሺህ ዓመት ፈንድቶ ነበር ማለት አይደለም። በመካከሉ አልፈነዳም ማለትም አይደለም። ቦታው ሰው የራቀውና ብዙ ያልተጠና ነው፤ ያልተመዘገበ ፍንዳታ ሊኖር ይችላል። ቁጥሩ የሚለካው መዝገቡ የሚሸፍነውን ዘመን እንጂ የተራራውን እንቅልፍ አይደለም።

ይህን ለልጅ ማስረዳት የማይቻል ይመስላል፤ ግን ይቻላል። «ማስረጃ አላገኙም» እና «አልሆነም» የተለያዩ መሆናቸውን ልጆች በደንብ ይረዳሉ፤ ግልጽ አድርጎ የሚነግራቸው ካገኙ። ማስረዳቱ ካልሆነልዎ ደግሞ ቁጥሩን በሙሉ ያውጡት። የተሳሳተ 12 ሺህ ከሚቀር ምንም 12 ሺህ ባይኖር ይሻላል።

8. ሁለት ጊዜ ይፈትኑት

የመጀመሪያው ፈተና የእርስዎ ነው። ያቀለሉትን ጽሑፍ በደረጃ 2 ካዘጋጁት ዝርዝር ጋር አስተያይተው መስመር በመስመር ይለፉ። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ነገር በጽሑፍዎ ካለ ወይ ማብራሪያ ነው፣ ወይ ከራስዎ የጨመሩት ነው። ማብራሪያ ከሆነ ትክክል መሆኑን በሌላ ምንጭ ያረጋግጡ፤ ከራስዎ ከሆነ ያውጡት። ብዙ ጊዜ ሾልከው የሚገቡት «በሚያሳዝን ሁኔታ»፣ «ደስ የሚለው ግን» የሚሉት ስሜት ነጋሪዎች ናቸው። ዋናው ዜና ካላላቸው እርስዎም አይበሏቸው።

ሁለተኛው ፈተና የአንባቢው ነው። ልጁ ወይም ተማሪው ጽሑፉን ያንብብ፤ ከዚያ ወረቀቱን ያስቀምጥና በራሱ ቃል ይንገርዎ። «ገባህ?» ብለው አይጠይቁ፤ «አዎ» ይልዎታል። ይልቅ «ምን ሆነ? ማን ነገረን? ገና ያልታወቀው ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቁ። ልጁ ሲመልስ «ተራራው 12 ሺህ ዓመት ተኝቶ ነበር» ካለ፣ ወይም «ሁሉም ሰው ደኅና ነው» ካለ ችግሩ የእርስዎ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው። ልጁን ከማረም ይልቅ ዓረፍተ ነገሩን ያርሙ፤ ከዚያ ለሌላ ልጅ ይስጡት።

በእነዚህ ደረጃዎች ያለፈው ዜና ለዘጠኝና ለዐሥር ዓመት ልጆች እንዲህ ሆኖ ይወጣል፦

በአፋር እሳተ ገሞራ ፈነዳ

እሑድ ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ክልል አንድ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ስሙ ሃይሊ ጉቢ ነው። እሳተ ገሞራ የቀለጠ ድንጋይ፣ ጋዝና አመድ ከመሬት ውስጥ የሚወጣበት ቦታ ነው።

ከሃይሊ ጉቢ ብዙ አመድ ወጣ። አመዱ እስከ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጣ። ይህ የራስ ዳሽን ተራራን ከፍታ ሦስት እጥፍ ያህላል። ይህ አመድ እንደ ምድጃ አመድ አይደለም። በጣም ደቃቅ የሆነ ድንጋይ ነው።

ነፋስ አመዱን ወደ የመን፣ ወደ ኦማንና ወደ ሕንድ ወሰደው። እንዲህ ያለ አመድ የአውሮፕላን ሞተር ሊያበላሽ ይችላል። ስለዚህ አንዳንድ በረራዎች ተሰረዙ።

በአፋር ብዙ መንደሮች በአመድ ተሸፈኑ። ይህን የተናገሩት አንድ የአካባቢው አስተዳዳሪ ናቸው። እሳቸው እንደተናገሩት እስካሁን የሞተ ሰው የለም። ነገር ግን እንስሳት የሚበሉት ሣር አንሷል። የከብት አርቢዎች ኑሮም ሊከብድ እንደሚችል ተናግረዋል።

ሃይሊ ጉቢ ከዚህ በፊት ፈንድቶ ያውቃል? ሳይንቲስቶች ባለፉት 12 ሺህ ዓመታት ገደማ የፈነዳበትን ማስረጃ አላገኙም ነበር። ይህ ማለት ግን «ፈንድቶ አያውቅም» ማለት አይደለም። ያልታወቀ ፍንዳታ ሊኖር ይችላል።

አማርኛ ማንበብ ለጀመሩ አዋቂዎች ሲሆን የእሳተ ገሞራው ትርጉምና ንጽጽሩ ይወጣሉ። የመጨረሻው አንቀጽ «ስለ ቀድሞ ፍንዳታዎች የታወቀ መረጃ አልነበረም» በሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ሊጠቃለል ይችላል። በምትኩ ከጽሑፉ ሥር «ተሰረዘ»፣ «ተሸፈነ»፣ «አነሰ» የሚሉት ግሦች ከነትርጉማቸው ይዘርዘሩ፤ አንባቢው የሚፈልገው እነሱን ነው።

አንድ ነገር ይቀራል። ከጽሑፉ ሥር «ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው በዚህ ቀን ነው» የሚል መስመር ከነቀኑ ይጨምሩ፤ የተመለከቷቸውን ዘገባዎችም ስም ይጻፉ። «እስካሁን» የሚለው ቃል ትርጉም የሚኖረው አንባቢው እስከ መቼ እንደሆነ ሲያውቅ ነው። ጽሑፉን በሚቀጥለው ዓመት ለሌላ ክፍል ሲያወጡት መጀመሪያ ያን መስመር ይመልከቱና በመካከሉ የተለወጠ ነገር መኖሩን አዲስ ዘገባ ፈልገው ያረጋግጡ፤ ተለውጦ ከሆነ ጽሑፉንም ቀኑንም አብረው ይቀይሩ።